ከመፈረም በፊት

ሪፖርት ጽፌ ስጨርስ ወዲያው አልፈርምም። አሳድሬ በማግስቱ አራት ጊዜ አነበዋለሁ፤ በእያንዳንዱም ንባብ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስሞችን እመለከታለሁ። «ሠናይት» በገጽ 1 በንጉሡ «ሠ»፣ በገጽ 3 በእሳቱ «ሰ» ተጽፋ ብትገኝ፣ ድምፁ አንድ ቢሆንም አንባቢው ሁለት ተማሪዎች ናቸው ሊል ይችላል። ስለዚህ አጻጻፉን ከምዝገባው መዝገብ ጋር አመሳክራለሁ።

ቀጥሎ ቁጥሮችን እደምራለሁ። አንድ የፈተና ሪፖርት «48 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ 39 አለፉ፤ 8 ወደቁ» ይላል እንበል። 39 እና 8 ሲደመሩ 47 ናቸው፤ አንድ ተማሪ ጐደለ። 8ን ወደ 9 መለወጥ ግን ማረም አይደለም። የስም ዝርዝሩ ሲታይ አንዱ ተማሪ ሳይፈተን ትምህርቱን ያቋረጠ ሆኖ ቢገኝ፣ የሚጨመረው «1 አቋረጠ» የሚለው ነው።

ሦስተኛው ንባብ ለወጥነት ነው። 39 ያለፉት ከተመዘገቡት 48 ሲሰሉ 81 በመቶ ገደማ፣ ከተፈተኑት 47 ሲሰሉ ግን 83 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። ሰንጠረዡ አንዱን፣ ማጠቃለያው ሌላውን ከያዘ ሪፖርቱ ራሱን ይቃረናል። ስለዚህ አንዱን መርጬ፣ ከየትኛው እንደተሰላ ገልጬ፣ እስከ መጨረሻው በእርሱ እጸናለሁ።

በአራተኛው ንባብ የፈራሚዎቹን ስም፣ የሥራ ኃላፊነት፣ ፊርማና ቀን አያለሁ። ከተፈረመ በኋላ አንድ ገጽ እንኳ ቢለወጥ ፈራሚው ባላየው ቁጥር ላይ እንደ መሰከረ ይቆጠራል፤ ስለሆነም ገጹ ተመልሶ ይታያል፤ እንደገናም ይፈረማል።