ወደ ቤት ያልላክኋቸው ሚሞች

ስልኬ ውስጥ ለብቻው ያስቀመጥኩት የሥዕል ክምችት አለ። ሁሉም የሐበሻ ሚም ነው፤ ከቴሌግራም፣ ከቲክቶክ፣ ከጓደኞቼ የዋትሳፕ ግሩፕ የለቀምኩት። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ተኝተው ኮሪደሩ ጭር ሲል የማገላብጠው ይህንኑ ነው። ስቄባቸዋለሁ፤ ያለቀስኩባቸውም አሉ። የምናዘዘው ግን መሳቄን አይደለም። ከነዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አዲስ አበባ ላሉት ለእናቴና ለወንድሜ ለዓመታት ልኬላቸው አላውቅም ነበር። ለምን እንደሆነ ራሴን ስመረምር ያገኘሁት መልስ ነው ይህን ያስጻፈኝ።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የድሬክን ሥዕል የማያውቅ የለም። ዘፋኙ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሠራው «ሆትላይን ብሊንግ» ከተባለው ቪዲዮ የተቆረጡ ሁለት ምስሎች ናቸው። በላይኛው ፊቱን አዙሮ እጁን ያነሣል፣ «ይቅርብኝ» እንደማለት፤ በታችኛው ፈገግ ብሎ ጣቱን ይቀስራል። አሜሪካኖቹ ከጎኑ የሚጽፉት የሚጠሉትንና የሚወዱትን ነው። የእኛ ሰው ያንኑ ሥዕል ይወስድና ከላይ «ድርብ ሺፍት ሠርቼ ወገቤ ተቆርጧል፣ የቤት ኪራይ ጨምሮብኛል፣ የማናግረው ሰው የለም» ብሎ ይጽፋል። ከታች ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?»

ሥዕሉ የነሱ ነው፣ ሳቁ ግን ከኛ ሰላምታ ነው የሚመጣው። እኛ አገር «እንዴት ነሽ?» ሲባል የመጀመሪያው መልስ ምስጋና ነው። የሆድን መናገር የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ቡናው ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ሲቀዳ። እናቴ የጎረቤቶቿን ችግር በሙሉ የሰማችው በቶና ነው። ስልክ ላይ ግን እኔ ከአቦል አልፌ አላውቅም። ሰላምታው ለሁሉም ሰው ሲዳረስ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ወይ እኔ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ወይ እነሱ ዘንድ እንግዳ ይመጣል። ያልተነገረው ነገር ሁሉ ሚም ውስጥ ገባ። ሚሙን ደግሞ የማሳየው እንደኔ ያልተናገሩ ሰዎችን ብቻ ነበር። የድሬኩን ሥዕል ለእናቴ ብልክ ከላይ ያለውን ጽሑፍ ታነባለች፤ ታች ያለውን ደግሞ እሷው ራሷ ከኔ ስትሰማው ኖራለች። ያልላክሁት ለዚህ ነው። ገመናዬን ለማያውቁኝ ሰዎች እየበተንኩ ከገዛ እናቴ ደብቄዋለሁ።

የገንዘቡ ሚም ከዚህም ይከፋል። በክምችቴ ውስጥ ብዙው እሱ ነው። አንዱ የስልክ መልእክት ያሳያል፦ «ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ፣ ናፍቀሽኛል»። ከሥሩ ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ቦርሳ አለ። ስቄ ለጓደኞቼ ሁሉ በትኛለሁ። ይህን ሥዕል መላልሶ ማየት ያደረገብኝን ግን ቆይቼ ነው ያወቅኩት። ከአገር ቤት «ናፍቀሽኛል» የሚል መልእክት ሲመጣ ልቤ ከመሞቁ በፊት ሒሳብ ይጀምራል፤ ስንት ይሆን? ለምን ይሆን? የናፈቀኝን ሰው ሰላምታ እንደ ሒሳብ መጠየቂያ ማንበብ ለምጄ ነበር። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ሚሙ ግን የሁላችንም ነገር አስመስሎ ሸፈነልኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የሚሙ ጎርፍ ልዩ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ግድም ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። እኔ በባንክ ነበር የምልከው። ለእናቴ የምልከው 200 ዶላር በፊት 11,400 ብር ግድም ይሆናል፤ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 24,000 ሆነ። መቶ ዶላር ብቻ ብልክ እንኳ 12,000፣ ከድሮው ይበልጣል ማለት ነው። ግማሹን ልከው በቀረው የክሬዲት ካርድ ዕዳቸውን ስለሚዘጉ ሰዎች የሚያሾፉ ሥዕሎች በየግሩፑ ይዞሩ ነበር፤ እኔም በሆዴ እንደዚያው አሰብኩ። የእናቴ የስኳር መድኃኒት ከውጭ የሚገባ፣ በዶላር የሚገዛ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዶላሩ ሲወጣ ያ መድኃኒት አብሮ ይወጣል። በጥቁር ገበያ ይልኩ ለነበሩት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ዋጋው ከባንኩ እጥፍ ግድም ስለነበር ቤተሰባቸው እጅ የሚገባው ብዙም አልተለወጠም። ዘመድ አዝማዱ ግን በቴሌቪዥን «ዶላር ጨመረ» ሲባል ሰምቷል፤ ኑሮውም እዚያው አብሮ ተወዷል። በዚህ አለመግባባት ላይ የተሠራውን ሚም ቤተሰብና ልጅ አብረው ቢያዩት ኖሮ ብዙ ቅያሜ ይቀር ነበር።

አንድ ቀን የወንድሜ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ በስሕተት ይሁን አውቆ አላውቅም፣ እነሱ ዘንድ የሚዞር ሚም ላከልኝ። ለካ እነሱም በኛ ላይ አላቸው! ከአሜሪካ የመጣች ሴት ሻንጣዋን ትከፍታለች፤ ቤተሰቡ ዙሪያዋን ከቦ አይፎን ይጠብቃል፤ ከሻንጣው የሚወጣው ቫዝሊን፣ ቫይታሚንና የተለበሰ ልብስ ነው። በሌላው ደግሞ ዲያስፖራው የታሸገ ውኃውን አቅፎ የሽንኩርት ዋጋ በዶላር ይጠይቃል። ተናደድኩ። ሁለቱን ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ ለመሙላት ስንት ወር እንዳጠራቀምን እነሱ ምን ያውቃሉ ብዬ። ንዴቴ ሳይበርድ ከክምችቴ አንዱን አውጥቼ ላክሁለት፤ ከአንዱ ሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ የደንብ ልብሷን ቀይራ ወደ ሁለተኛው ሥራ የምትሄድ ሴት ናት።

ብዙ ቆይቶ መለሰ። «አክስቴ፣ እውነት ሁለት ሥራ ነው የምትሠሪው? አባዬ አያውቅም።»

ይህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት! በየሳምንቱ እያወራን ወንድሜ ሁለት ሥራ እንዳለኝ አያውቅም። አልነገርኩትማ። በማግስቱ ደወለልኝ፤ በቪዲዮ ሳይሆን በድምፅ ብቻ። ስንት እንደማገኝ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚተርፈኝ ነገርኩት። እሱም የእናቴ መድኃኒት፣ የልጁ የመኖሪያና የቀለብ ወጪ፣ የዘመድ ልቅሶ ስንት ስንት እንደሚወስድ ዘረዘረልኝ። ከዚያ ወዲህ በወር መጀመሪያ የተወሰነ ገንዘብ እልካለሁ፤ ሕመም ሲመጣ ለብቻው ይታያል፤ ሌላ የሚጠይቅ ዘመድ ካለ ወንድሜ ጋር ይጨርሳል። አሁን «ናፍቀሽኛል» የሚል መልእክት ሲመጣ ናፍቀሽኛል ማለት ነው። ያንን ወሬ ያስጀመረው ሚሙ ነው፤ ደጉንም ልናገርለት ይገባል።

ሁሉም ግን እንዲህ የመሳቅ ዕድል የለውም። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለችኝ። እዚያ የዋትሳፕ ጥሪ ስለማይሠራ በቦቲም ነው የምንገናኘው፤ ስልኳን የምትይዘው ማዳሟ ስትተኛ ነው። የኔን ሚሞች ስልክላት «የናንተ ቀልድ የሚያርፍ ሰው ቀልድ ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የቪዲዮ ጥሪው ይቀራል። ከሌሊት ሥራ የምወጣው በእኛ ጠዋት ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በአሜሪካ የክረምት ሰዓት 9 ሰዓት ይሆናል። የእናቴ ቡና ሰዓት ነው። ስልኩ ረከቦቱ ላይ ይደገፋል፤ ግማሽ ግንባሯና ጣሪያው ይታየኛል። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጎረቤቷ «አወቅሽኝ?» ትለኛለች፤ ከሥራ መልስ ደክሞት የሚያንጎላጅ ፊቴን እያዩ «ከሳሽ» ይላሉ፣ «ወፈርሽ» ይላሉ። አብራኝ የምትኖረው እህቴ ልጆቿን ከጎኔ አስቀምጣ «ሰላም በሉ» ስትላቸው አንዱ «ሃይ» ብሎ ይሮጣል። በዚህ ሁሉ የተሠሩ ሚሞች አሉኝ፤ እነሱን አሁን ለእናቴ በወንድሜ ስልክ አሳያታለሁ። ጣሪያው ብቻ የሚታይበትን አይታ እስክታነባ ነው የሳቀችው።

አንዱን ግን አላሳየኋትም። ልጅቷ በቪዲዮ «እማዬን አቅርቡልኝ» ትላለች፤ ከወዲያ «ተኝታለች» ይሏታል። በሚቀጥለው ምስል ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፤ ልጅቷ ደግሞ ዓይኗ ፈጦ። ይህን ሚም ለመረዳት መርዶ እንዴት እንደሚደርሰን ማወቅ ያስፈልጋል። ሞት ሲሆን ቤተሰብ ለልጁ አይደውልም፤ ለቅርብ ጓደኛው ይደውላል። ጓደኛው ሌሎችን ይሰበስባል፣ ሰውየው መቼ ሥራ እንደማይገባ ያጣራል፣ ከዚያ በማለዳ በር ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በነዚያ ቀናት «ተኝታለች»፣ «ጸበል ሄዳለች»፣ «ስልኳ ተበላሽቶ ነው» ይባላል። ስለዚህ ውጭ የሚኖር ሐበሻ እናቱ በእርግጥ በተኛችበትም ቀን ልቡ ይሸበራል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2020 ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ ይህ ሚም አንድም ሰው አላሳቀም፤ ሁላችንም «ተኝታለች» የሚለን እንኳ አጥተን ነበር።

ብቻን ሆኖ መርዶ እንዳይሰማ መደረጉ ትልቅ ደግነት ነው፤ ይህን አልቃወምም። የማልቀበለው ከዚያ በፊት ያለውን ውሸት ነው፤ ከመርዶው በኋላ እንኳ ከልጁ ልብ አይወጣም። ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ይህንንም በግልጽ ተነጋገርን። እናታችን ስትታመም በዚያው ቀን ይነግረኛል። የመጣው ሌላ ከሆነ ለእህቴ ይደውላል፤ «ተኝታለች» ግን አይባልም። የሁለታችንም ስምምነት ነው።

አንተም አንቺም ውጭ ያላችሁ፣ እናንተም አገር ቤት ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ጥሪ ይህን ተነጋገሩ፤ ማን ለማን እንደሚደውል ዛሬ ሁሉም በደህና ሳለ ወስኑ።