ሥዕሉን ለማሽን፣ ፊደሉን ለእጅ

ለጓደኛዬ ቡና መሸጫ ፖስተር ስሠራ ኤአዩ ጀበናውንና ጭሱን አሳምሮ አወጣው። «ቡና» የሚለው ግን ፊደል መሳይ ጭረት ሆነ። ማሽኑ እንደኛ ፊደል ለይቶ አይጽፍም፤ ከተዘበራረቀ ነጠብጣብ ተነስቶ ሥዕል የሚመስለውን እያጠራ ይሄዳል። ጭሱ ትንሽ ቢዛባ ያው ጭስ ነው። የ«ቡ» ቅጥያ ከወገቧ ወደ እግሯ ብትወርድ ግን «ቢ» ትሆናለች፤ ብትጠፋ ደግሞ «በ»። የግዕዝ ፊደል ያለበት የተማረው ሥዕልም ከላቲኑ በጣም ያንሳል።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። መጀመሪያ ጽሑፍ የሌለበት፣ የላይኛው ሲሶው ባዶ ግድግዳ የሆነ ሥዕል ብቻ አዘዝኩ። ጥግ ላይ ጭረት ካመጣ በግድግዳው ቀለም እሸፍነዋለሁ። ከዚያ በGIMP ከፍቼ፣ Noto Serif Ethiopic በሚባለው ፎንት «ቡና»ን በራሱ ሌየር ላይ ተየብኩ። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ፎንቱ ግዕዝ የለውም ማለት ነው። የጽሑፉን ቀለም ከጀበናው ላይ ቀዳሁ፤ አለዚያ የተለጠፈ ይመስላል። በመጨረሻ በስልክ ስፋት አሳንሼ አየሁት፤ የ«ቡ» ቅጥያ እዚያም ትለያለች።

ፋይሉን በ.xcf ስላስቀመጥኩት፣ ነገ ዋጋ ቢጨመርበት ፊደሉን ብቻ ነው የምነካው።