የነጠላዋ ዋጋ

ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወጥተን የአንዲት ባለጥለት ነጠላ ዋጋ ጠየቅን። ሽማግሌው ሸማኔ 2,400 ብር ቢሉን፣ «ድርና ማጉ ከ600 ብር አይበልጥም!» ብለን ተከራከርን። «ልጆቼ፣ ክሩንማ እናንተም ትገዙታላችሁ» አሉን። ድሩን ማዘጋጀት አንድ ቀን፣ ነጩን መሸመን አንድ ቀን፣ ጥለቱን ክር እየቆጠሩ ማስገባት ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። የተረፈው 1,800 ብር ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 360 ብር ነው። ጥለቱን ሲያወጡ እየሸመኑ የፈቱባቸው ሌሎች አምስት ቀናትስ? በዚሁ ጥለት ዐሥር ነጠላ ቢሸጡ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ቀን፣ ማለት 180 ብር ይደርሰዋል። ጎረቤት አይቶ ከቀዳውና አራት ብቻ ከተሸጠ ግን ድርሻው 450 ብር ይሆናል። ለካስ 2,400ውም ጎዶሎ ኖሯል! ይህን ሁሉ ያሰላነው፣ እናፍራለን፣ 300 ብር አስቀንሰን ነጠላዋን ጠቅልለን ከተመለስን በኋላ ነው።