«ቸልተኛ ነው» ማስረጃ አይደለም

የብዙ ሠራተኞች የአፈጻጸም ፋይል ሲገለጥ መጀመሪያ የሚገኘው ቅጽል ነው። «ቸልተኛ»፣ «ተነሳሽነት የሌለው»፣ «ምክር የማይሰማ»። መቼ? በየትኛው ሥራ ላይ? ምን ተበላሸ? ፋይሉ መልስ የለውም። በዚሁ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ «የአፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ» ይዘጋጃል፣ ሠራተኛው ሁለት ወር ይሰጠዋል፣ ሁለት ወሩ ሲያልቅ «አላሻሻለም» ተብሎ ይሰናበታል። ምኑን እንዳላሻሻለ ግን ራሱም አሰናባቹም በትክክል አያውቁትም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። «ቸልተኛ» የሚለው ቃል አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ ቀጣዩ አለቃም ይወርሰዋል።

አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ግምጃ ቤቶች አሉት እንበል። የአንደኛው ዕቃ ቤት ጠባቂ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። በፊታቸው «ጋሼ» ይላቸዋል፣ በግምገማ ቅጹ ላይ ግን «ለሥራው ትኩረት አይሰጡም፣ ቸልተኛ ናቸው» ብሎ ጽፎ ማሻሻያ ዕቅድ እንዲዘጋጅላቸው ወደ ሰው ኃይል ክፍል ላከ።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ ቅጹን መለሰችለት። «ይሄ ያንተ ስሜት ነው» አለችው። «ስሜትህ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቀን፣ ዕቃ እና ቁጥር ነው የምፈልገው።»

ሕጉም ቢሆን ከእሷ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 28 ሠራተኛ በችሎታ ማነስ ምክንያት በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የችሎታው ማነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው አሠሪው ላይ ነው። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ቸልተኛ» የሚለውን ቃል የሚያስረዳ ሰው ደግሞ አይገኝም።

ባለሙያዋ ሌላም ነገር ከቅጹ ላይ ሰረዘች። ኃላፊው «አንዳንዴ አርፍደው ይገባሉ» የሚል ጨምሮበት ነበር። ማርፈድ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው፣ በአዋጁም የራሱ መንገድ አለው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ በአንቀጽ 27 ሥር ይታያል። ሥራን በሚፈለገው ጥራት አለመሥራት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲደባለቁ አንዱም በቅጡ አይመረመርም፤ ሰውየው በአጠቃላይ «መጥፎ» ሆኖ ይታይና ነገሩ በዚያው ያልፋል።

ስለዚህ ኃላፊው አራት ሳምንት መዝገብ እንዲይዝ ተነገረው፤ ከኅዳር 2 እስከ ኅዳር 27 ቀን 2017። ደንቦቹ ቀላል ነበሩ። ችግሩ በታየበት ቀን ይጻፋል። ቀኑ፣ የዕቃው ስም፣ መሆን የነበረበት እና የሆነው ይጻፋል፤ ቅጽል አይጻፍም። በሁለት ቀን ውስጥ ለዕቃ ቤት ጠባቂው ይታያል፣ እሳቸውም ከጎኑ አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ አራተኛው ነው፤ በደንብ የተሠራበት ቀንም ይመዘገባል።

ከዚህ በተጨማሪ በየሳምንቱ ዓርብ ሃያ ቢን ካርድ ሳይመረጥ በዕጣ ይወጣል። በካርዱ ላይ ያለው ቀሪ መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር ይቆጠራል። ቆጠራው ላይ ዕቃ ቤት ጠባቂው ራሳቸው ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ኅዳር 4፤ 60 ካርቶን የፍሬን ሸራ ገባ። በዕለቱ ካርድ ላይ መመዝገብ ነበረበት። የተመዘገበው ኅዳር 6 ነው።» ከጎኑ በዕቃ ቤት ጠባቂው እጅ፦ «በዕለቱ እስከ ማታ ግቢ ውስጥ ኮንቴይነር ሳስቆጥር ነበርኩ።» ኃላፊው ይህን ሲያነብ ሰበብ መስሎት ነበር።

አራቱ ሳምንታት ሲያልቁ በዓርብ ቆጠራዎቹ ያልገጠሙት ካርዶች 4፣ 5፣ 1 እና 6 ሆኑ። ከሰማንያው ካርድ አሥራ ስድስቱ ማለት ነው። ይህ ብዙ ነው፤ ኃላፊው ችግር አለ ሲል የፈጠረው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ቀኖቹ ሌላ ነገርም ይናገራሉ። ኮንቴይነር የገባው ኅዳር 4፣ ኅዳር 10 እና ኅዳር 24 ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ምንም አልገባም፤ በዚያ ሳምንት ያልገጠመው አንድ ካርድ ብቻ ነው። ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንዱ ኮንቴይነር በገባባቸው ቀናት ከመጡ ዕቃዎች የመነጩ ናቸው። አንድ ባልደረባ ከለቀቀ ወዲህ ጫኝና አውራጆችን እየተቆጣጠሩ የማስቆጠሩ ሥራ በዕቃ ቤት ጠባቂው ላይ ተደርቦ ነበር፤ በሥራ መዘርዝራቸው ላይ ግን የለም። በሁለተኛው ግምጃ ቤት ያለው ባልደረባቸው ይህን ሥራ አይሠራም።

የቀሩት አምስቱስ? እነሱ የራሳቸው ናቸው። በካርቶን የገባውን በካርቶን መዝግበው፣ በፍሬ የወጣውን በፍሬ ይቀንሳሉ። አንድ ካርቶን የዘይት ፊልትሮ ውስጥ ሃያ አራት ፍሬ ካለ፣ ሁለት ፍሬ ሲሸጥ ከካርዱ ላይ ሁለት ካርቶን ይጠፋል። ይህ ቸልተኝነት ሳይሆን መለኪያ አለመለየት ነው። በግማሽ ቀን ሥልጠና እና በካርዱ ላይ «መለኪያ» የሚል አንድ ዓምድ በመጨመር የሚስተካከል ነገር ነው።

ቀን ያለው መዝገብ ከቅጽል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቅጽል የሚያገለግለው ለመክሰስ ብቻ ነው። ትክክለኛ መዝገብ ግን ሠራተኛውን ነጻ ሊያወጣም ይችላል፤ አለቃውን ሊወቅስም ይችላል። ሠራተኛውን ሊያድን የማይችል መዝገብ ክስ እንጂ መዝገብ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነው ዕቅዱ የተጻፈው፤ ከታኅሣሥ 7 እስከ ጥር 30፣ ስምንት ሳምንት። የኃላፊው የመጀመሪያ ረቂቅ «ጥንቃቄያቸውን ያሻሽላሉ» ይል ነበር። በመጨረሻ የተፈረመው ሁለት ግብ ብቻ አለው። አንደኛ፣ ዕቃ በገባበት ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካርድ ላይ ይመዘገባል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የገባ ከሆነ እስከ ማግሥቱ ጠዋት አራት ሰዓት። ሁለተኛ፣ በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ከሃያው ካርድ ያልገጠመው ከአንድ አይበልጥም።

ይህ «አንድ» በድርድር የመጣ ነው። ኃላፊው ዜሮ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ዕቃ ቤት ጠባቂው «የዚያኛውስ ግምጃ ቤት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ተቆጠረ፤ ከሃያ አንድ ሆኖ ተገኘ። ማንም ያልደረሰበትን ግብ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ውጤቱን አስቀድሞ መጻፍ ነው። ግብ «የተስማሙበት» የሚባለው ፊርማ ስላለበት አይደለም፤ ሠራተኛው ጠይቆ ሲለወጥ የታየ ቁጥር ስላለበት ነው።

በዕቅዱ ላይ የድርጅቱም ግዴታ ተጽፏል። ኮንቴይነር በሚገባበት ቀን አስቆጣሪ ሌላ ሰው ይመደባል፤ ካልተመደበ የዚያ ሳምንት ቆጠራ አይያዝም፣ በሌላ ሳምንት ይተካል። በየሳምንቱ ዓርብ ከቆጠራው በኋላ ሃያ ደቂቃ ይነጋገራሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ።

የመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ውጤት 1፣ 0፣ 2፣ 1 ሆነ። ኃላፊው ሁለቷን ሲያይ «አልደረሱም» አለ። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ጥር 20 ኮንቴይነር ገብቶ ነበር፤ የተመደበው አስቆጣሪ በዚያ ቀን ለማድረስ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ተልኳል። የላከው ራሱ ኃላፊው ነው። በተፈረመው መሠረት ሳምንቱ ተሰርዞ በየካቲት 7 ቆጠራ ተተካ፤ አንድ ካርድ ብቻ አልገጠመም። ዕቅዱ ተዘጋ።

ነገሩ በሌላ መንገድም ሊያልቅ ይችል ነበር። አስቆጣሪው እየመጣ፣ ሥልጠናው ተሰጥቶ፣ ካርዶቹ አሁንም አራትና አምስት እየሳቱ ቢቀጥሉ ስንብቱ ፍትሐዊ ይሆን ነበር። ስድስት ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ አዋጁ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ሰውየውም ለምን እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። እንጀራን ማጣት ከባድ ነው፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ማጣት ግን የባሰ ነው፤ ሰው በሄደበት ሁሉ የማያውቀውን ጥፋት ተሸክሞ ይኖራል።

እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ ላይ የደረሰ ሰው፣ አለቃም ሆነ ሠራተኛ፣ ሐሰተኛውን የሚለይባቸው ምልክቶች አሉ። ጽሑፉ የሚጀምረው ከአንድ ጠብ ማግሥት ነው። የአራት ወር ማስታወሻ በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ ቁጭታ ተጽፏል። «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» ይበዙበታል። ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሚፈርምበት ዕለት ነው። ጥሩ የሠራበት አንድም ቀን የለበትም። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ወረቀቱ እንደገና ይሠራ ማለት ተገቢ ነው። ሠራተኛውም «ደርሶኛል፣ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብሎ ቀን ጽፎ መፈረም፣ ቅጂውንም መያዝ ይችላል።

ዕቃ ቤት ጠባቂው ዛሬም እዚያው ይሠራሉ። ከኃላፊው ጋር ወዳጅ አልሆኑም፣ መሆንም አይጠበቅባቸውም። በፋይላቸው ውስጥ «ቸልተኛ» የሚለው ቃል የለም፤ በቦታው አሥራ ሁለት ዓርብ፣ ሃያ ሃያ ካርድ እና የሁለት ሰው ፊርማ አለ። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ቋሚ አስቆጣሪ አግኝቷል። ይህን ያለቁጥር ማንም ጠይቆ አያገኘውም ነበር።