የአርብ ማታው መልእክት

ጥቅምት ውስጥ አንድ አርብ ማታ፣ ከቢሮ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ የልጄ ክፍል የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ጮኸ። መምህሯ የሒሳብ ፈተና ውጤት የሰፈረበትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ልካልናለች። የ38 ተማሪ ስም፣ ከየስሙ ትይዩ ከ20 የተሰጠ ነጥብ። ፎቶውን በሁለት ጣት አጉልቼ የልጄን ስም ፈለግሁ። 17። ደስ አለኝ። ስልኩን ግን አልዘጋሁም። ጣቴ ወደ ታች ወረደና የጎረቤታችን ልጅ ስም ላይ ቆመ። 4።

ማንም እይ አላለኝም። ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ አወራሁለት፤ ልጄ ሩዟን እየበላች ትሰማ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ልጁን አግኝታ «አንተ እኮ 4 ነው ያመጣኸው» አለችው። በየቅዳሜው ካርቱን ለማየት በራችንን ያንኳኳ የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልመጣም።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ መልእክት መላክ ነው፤ ለማን፣ መቼ፣ በምን ቃል። አንድ ፎቶ በአንድ ሌሊት ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን መምህሯን ከመውቀስ በቀር የተሻለውን መንገድ አላውቀውም ነበር። ያሳየችኝ ደባርቅ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት።

ኅዳር ላይ ለአባታችን ሙት ዓመት ጎንደር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በዳባት በኩል በመኪና ወደ ደባርቅ ሄድኩ። እታለም የአራተኛ ክፍል መምህርት ናት፤ በክፍሏ 54 ልጆች አሉ። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አርብ ማታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ የፈተና ወረቀት ስታርም አገኘኋት። የደባርቅን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ ከምድጃው አልራቅሁም። አርማ ስትጨርስ ለወላጆች መልእክቷን ልትጽፍ ተቀመጠች። ጥቅምት ላይ የሆነብኝን ነገርኳት። አልተገረመችም።

«ስሙን ትተው በተራ ቁጥር ቢልኩትስ?» አልኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሳቀች። «በየቀኑ ጠዋት ስም ስጠራ በተራ ቁጥር አይደል እንዴ? ዝርዝሩ ደግሞ በፊደል ተራ ነው። 23 ማን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ልጆቹ ያውቃሉ።»

ሌላም ነገረችኝ፤ እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ያላሰብኩትን። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ስልኮች ብዙዎቹ የወላጅ አይደሉም። ማንበብ የማይችል አባት ወይም እናት ስልኩን የሚሰጠው ለትልቁ ልጅ ነው። ስለዚህ መልእክቷን መጀመሪያ የሚያነበው የስምንተኛ ክፍል ወንድም ወይም የስድስተኛ ክፍል እህት ነው፤ ጮክ ብሎ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት። ከተራራው ባሻገር ጃናሞራ ውስጥ መካነ ብርሃን የሚነግድ አንድ አባትም አለ። እሱ ኔትወርክ ሲያገኝ ድምፁን ከፍቶ ሱቁ ውስጥ ይሰማል። በዚህ የተነሳ እታለም ከጽሑፉ ጋር የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ስትቀርጽም ሱቅ ውስጥ የቆመው ገበያተኛ ሁሉ እንደሚሰማት አስባ ነው።

ያን ማታ የጻፈችውን ከመጀመሪያው አየሁት። የክፍልፋይ ፈተና ነበር፤ ከ10 የሚታረም፣ ስምንት ጥያቄ። መጀመሪያ እንዲህ ጻፈች፦ «ከ54 ተማሪ 47ቱ ከግማሽ በላይ አምጥተዋል። ከፍተኛው ውጤት 10፣ ዝቅተኛው 1 ነው።» ስም የለበትም። እኔ ብሆን እልከው ነበር።

እሷ ግን አነበበችውና ደመሰሰችው። ወረቀቱ ሰኞ ሲመለስ 1 ያገኘው ልጅ ማን እንደሆነ ጎኑ የተቀመጠው ያያል። ያኔ የአርቡ መልእክት ስም ያገኛል። ሰባቱ ልጆችም ቢሆኑ በእረፍት ሰዓት ተቆጥረው የሚደረስባቸው ናቸው። ይህን በራሴ ሥራ ማወቅ ነበረብኝ። ደንበኞቻችንን ስለ አገልግሎታችን ስንጠይቅ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የመለሰበትን ቅርንጫፍ ውጤት ለብቻው አናወጣም፤ ከአራት መላሽ ሦስቱ ቅር ተሰኝተዋል ካልን የቅርንጫፉ ኃላፊ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይገምታል። እታለምም የራሷ ልክ አላት፤ አሥር ልጅ ያልሞላበት ነገር ለግሩፑ አይነገርም።

ታዲያ የምትነግራቸው ምኑን ነው? መልሱ ከእርማቱ ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። ስታርም ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሳተውን ልጅ ብዛት በሰረዝ በሰረዝ ትመዘግባለች፤ አራት ቋሚ ሰረዝ፣ አምስተኛው አግድም። ስም አትጽፍም። ሲያልቅ ጥያቄ 6 ላይ 38 ሰረዝ ነበር፤ ጥያቄ 2 ላይ ሦስት ብቻ። የ38ቱ ጉዳይ የክፍሉ ጉዳይ ነው፤ እንዲያውም በከፊል የእሷ የማስተማር ጉዳይ ነው። የሦስቱ ግን የሦስቱ ነው፤ ሰኞ በእረፍት ሰዓት ጠርታ ታያቸዋለች።

ጥያቄ 6 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው የሚል ነበር። ልጆቹ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረው 2/5 ብለዋል። የተላከው መልእክት ይኸው፦

«እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሳምንት በሒሳብ የክፍልፋይ መደመርን ተፈትነናል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ታቹ የማይመሳሰል ክፍልፋይ ሲደምሩ ተሳስተዋል፤ ሰኞና ማክሰኞ ደግሜ አስተምረዋለሁ። እሑድ ዳቦ ሲቆረስ ይህን ጠይቋቸው፦ ግማሽ ዳቦ ላይ ሌላ ቁራሽ ቢጨመር ከግማሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? 2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ ስለዚህ መልሱ ሊሆን አይችልም። ይህን ራሳቸው ይድረሱበት፤ አትንገሯቸው። የታረመው ወረቀት ሰኞ በደብተራቸው ውስጥ ታጥፎ ይመጣል፤ አይታችሁ ፈርማችሁ ማክሰኞ መልሱልኝ። በአማርኛ የአንበሳና የጦጣን ተረት ጨርሰናል፤ እንዲተርኩላችሁ ጠይቋቸው። ረቡዕ የክፍል ጽዳት ስላለ አሮጌ ጨርቅ ይያዙ።»

ይኸው ነው። ከእሱ ጋር ፎቶ ላከች፤ የልጅ ደብተር ሳይሆን ራሷ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠራችውን። «የልጅ የእጅ ጽሕፈት እንደ ፊርማ ነው፤ ስሙን ብትሸፍኚው እንኳ ይታወቃል» አለችኝ። ያማረ ደብተር ፎቶም አትልክም። በየሳምንቱ የሚታየው የአራት አምስት ልጅ ደብተር ይሆንና የቀሩት ወላጆች የራሳቸውን ልጅ ፈልገው ያጡታል።

መልእክቱ በተላከ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ አባት «የእኔ ልጅ ስንት አመጣ?» ብሎ ጻፈ። ይህ በየሳምንቱ አለ። «ወረቀቱ ሰኞ ይደርስዎታል ጋሼ፤ ካላገኙት ይደውሉልኝ» አለችው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የልጇን 10 ከ10 ወረቀት ግሩፑ ላይ ለጠፈች። ጭብጨባው ጎረፈ፤ ሁለት እናቶችም የልጆቻቸውን ጨመሩ። እታለም መጀመሪያ ደውላ እናትየዋን «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት፤ ከዚያ ለምን እንደምታጠፋው አስረድታ አጠፋችው። ሴትዮዋ ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነፍጋት ነበር።

የአርቡ ልማድ ከስልክም ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. ክልሉ ውስጥ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ትምህርት በነበረባቸው ሳምንታት፣ ይህንኑ መልእክት በእጇ ጽፋ በር ላይ ትለጥፈው ነበር። ያኔ የገባት፣ ወረቀት በር ላይ ሲሰቀል ማንም መንገደኛ ያነበዋል ብላ እንደምትጠነቀቀው፣ ግሩፕም ያው በር መሆኑ ነው አለችኝ።

በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የተማሪን ውጤት ያለ ፈቃድ ለሌላ ማሳየትን የሚከለክል ሕግ አላቸው፤ በመታወቂያ ቁጥር መለጠፉም አይፈቀድም፤ የእኔው የተራ ቁጥር ብልሃት ማለት ነው። ይህን ስነግራት እታለም ራሷን ነቀነቀችና ወደ ወረቀቶቿ ተመለሰች።

አንድ ነገር ግን ልሸፍን አልፈልግም። የእሷ መልእክት የማይደርስበት አለ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ካርድ ሲሰጥ ደረጃ ይጻፋል፤ በሰልፍ ላይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ይጠራል። ልጆችም ወረቀታቸውን እንዳገኙ «ስንት አመጣህ?» መባባላቸው አይቀርም። «እሱን አላስቆመውም። እኔ በአርቡ እንዳልጨምርበት ነው» አለችኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ፊት ለፊት በር ነው። የልጁ እናት ቡና አፈላችልኝ። ፎቶውን እንዳየሁት፣ ቤት እንዳወራሁት፣ የደረጃው ነገር ከእኔ አፍ እንደወጣ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰኒውን አገላበጠች። «እኔም መጀመሪያ ያየሁት የአንቺን ልጅ ነው» አለችኝ። ልጁ ለካ መነጽር ያስፈልገው ኖሯል፤ ሰሌዳው አይታየውም ነበር። ይህን ግን ከ4ቱ ማንም ሊያነበው አይችልም።

ከዚያ ለልጄ መምህርት የእታለምን መልእክት፣ ፈቃዷን ጠይቄ፣ ለብቻዋ ላክሁላት። ቅር እንዳትሰኝ ሁለት ቀን አስቤበት ነው። ፎቶውን የላከችው ወላጆች ስለጨቀጨቋት እንደነበር ነገረችኝ፤ 38 ወላጅ በተናጠል ሲደውል አንድ ፎቶ ይቀላል። የሰረዙን ነገር ወደደችው። ወረቀት አጥፎ መላኩን ግን ፈራችው፤ ወረቀቱ ሳይፈረም የሚመለስባት፣ ከነጭራሹም የሚጠፋባት ብዙ ነው። እኛ ወላጆች ማለት ነው።

ባለፈው አርብ መልእክቷ መጣ፤ ስለ ማባዛት ሰንጠረዥ፣ ስለ ሰባትና ስምንት ቤት። ነጥብ የለበትም። ሁለት ወላጆች ወዲያው «ውጤቱስ?» ብለው ጻፉ። አንዱ ባለቤቴ ነበር። ልጄ ቦርሳዋን አምጥታ ወረቀቱን ከደብተሯ መሐል አወጣችልኝ። 12 ከ20። እስክሪብቶ ፈልጌ ፈረምኩ።