በፎቶ ያልታወቀው እባብ እና በግቢው ያሉ ልጆች

ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ በስልክ የተነሳ የእባብ ፎቶ ብዙ ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ጭንቅላቱ ሣር ውስጥ ነው፣ ርዝመቱን የሚያስገምት ነገር አጠገቡ የለም፣ የማታው መብራትም ቀለሙን ለውጦታል። እንዲህ ሲሆን እባቡን እንደ መርዛማ መቁጠር ይገባል።

መርዛማ እባብ ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን፣ የዓይኑ ብሌንም ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው የሚለው የተለመደ መለያ በሁለቱም በኩል ያሳስታል። እንቁላል ብቻ የሚበላው የአፍሪካ እባብ ምንም መርዝ የለውም፤ ሲደነግጥ ግን ጭንቅላቱን አስፍቶ፣ ቅርፊቱን እያፋተገ የቆላ እፉኝት ይመስላል። ኮብራና ጥቁር ማምባ በተቃራኒው ክብ ብሌን እያላቸው ይገድላሉ። ትንሽነትም ዋስትና አይሆንም፤ የእፉኝት ግልገል መርዙን ይዞ ነው የሚወለደው።

በመጀመሪያ ልጆቹ ወደ ቤት ይገባሉ፣ በሩም ይዘጋል። አንድ አዋቂ ራቅ ብሎ እባቡን በዓይኑ ይከታተላል፤ ከእይታ የተሰወረ እባብ የበለጠ ያስቸግራልና። የተሻለ ፎቶ ለማንሳት መጠጋት ክልክል ነው፤ የስልኩን ማጉያ መጠቀም ይበቃል። በዱላ መምታትም ለመነደፍ ያጋልጣል፣ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ሊነድፍ ይችላል። እባቡ ከጠፋ የማገዶ ክምርና የድንጋይ ካብ የሚፈተሸው በቀን ብርሃን፣ በረጅም እንጨት፣ ቦት ጫማ ተደርጎ ነው። ወለል ላይ የሚተኙ ልጆች ጠርዙ ከፍራሹ ሥር በደንብ በተወተፈ አጎበር ውስጥ ቢያድሩ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የልጁ ሁኔታ ነው። ከማገዶው አጠገብ ሲጫወት የነበረ የአራት ዓመት ልጅ እያለቀሰ እግሩን ቢይዝ፣ ግን «እሾህ ወጋኝ» ቢል፣ ቃሉም ፎቶውም አያረጋግጡም። የጥርስ ምልክት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እንደተነደፈ ይቆጠራል፦ ጫማውና አልቦው ይወልቃል፣ እግሩ በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል፣ ልጁ ሳይራመድ በሰው ተይዞ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥና ቅጠል መለጠፍ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። መርዝ ዓይን ውስጥ ከተተፋ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ማርከሻው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፣ አንድ ሰው በመንገድ ላይ እየደወለ የት እንዳለ ቢጠይቅ ጊዜ ይቆጥባል።

የእባቡ ዓይነት አለመታወቁ ሕክምናውን አያስቆመውም። ሐኪሙ የሚያየው ምልክቱን ነው፦ እብጠቱ ወደ ላይ እየወጣ እንደሆነ፣ ድድ እየደማ፣ የዓይን ሽፋን እየወደቀ እንደሆነ። ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ካልረጋ መርዙ የደም መርጋትን አበላሽቷል ማለት ነው። ውጤቱ ደህና ቢሆንም ምልክት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ልጁ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በክትትል ሥር መቆየትና ምርመራው መደጋገም አለበት። ማርከሻ ካስፈለገ ልጅም የሚሰጠው እንደ አዋቂው መጠን ነው፤ እባቡ የረጨው መርዝ በልጁ ክብደት ልክ አይቀንስምና።