ቀብዱን ማን ይክፈል?

ባለፈው ዓመት በወጣቶች ጉዞ ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ 50 የምንሆን ሰዎች ሻንጣችንን ይዘን በቤተ ክርስቲያን በር ቆመን ነበር። አውቶቡሱ አልመጣም። ባለቤቱ ሲደወልለት፣ “ቀብድ ስላልከፈላችሁኝ ለሌላ ሰጠሁት” አለ። አስተባባሪዋ ወደ ሒሳብ ያዡ ዞረች፤ እሱም ወደ እሷ። ሰው ፊት የተባባሉትን አልጽፍላችሁም።

ለሦስት ሳምንት ተኳረፉ። እኔም እንደ አስተማሪያቸው አስቀመጥኋቸውና ስለ ይቅርታ ተነጋገርን፣ ጸለይን፣ ተቃቀፉ። ይቅርታው እውነተኛ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን በምግብ ዝግጅት ላይ ሌሎች ሁለት ልጆች ልክ እንደዚያው ተጣሉ። የነቃሁት ያኔ ነው፤ ሰዎቹ ሌሎች ሆነው ጸቡ ያው ነበር።

ቃለ ጉባኤውን ገልጬ አየሁት። “ትራንስፖርቱን ሁለቱ ተባብረው ይከታተሉ” ይላል። የጻፍሁት ራሴ ነኝ።

ለሁለቱ ባዶ ወረቀት ሰጥቼ ለየብቻ እንዲመልሱ ጠየቅኋቸው፦ መኪናውን የሚፈልገው፣ በዋጋው የሚስማማው፣ ቀብዱ እንዲከፈል የሚያዝዘው፣ የሚከፍለው፣ በዋዜማው ደውሎ የሚያረጋግጠው ማን ነው? መልሳቸው የገጠመው በሁለቱ ብቻ ነው። እሷ፣ “ዋጋውን ነግሬዋለሁ፤ ገንዘብ የእሱ ሥራ ነው” ብላ ነበር የምታስበው። እሱ ደግሞ፣ “ክፈል ሳልባል የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አላወጣም” ባይ ነው። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በዋዜማው ለመደወል ደግሞ አንዳቸውም ራሳቸውን አልጻፉም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ቸል ስለተባሉ ማጉረምረም ተነሣ። ላይ ላዩን የወገን ጸብ ይመስላል። ሐዋርያት ግን ተቆጥተው አልሸኟቸውም፤ ለዚያ ሥራ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፣ ራሳቸው የሚይዙትንም ለይተው ተናገሩ።

እኛም “ትራንስፖርት” የሚለውን ቃል ትተን ሥራውን ከፋፈልነው። አውቶቡሱ በሰዓቱ በር ላይ መገኘቱ የእሷ ኃላፊነት ሆነ፤ ሌላው ቢረዳትም ተጠያቂዋ አንድ እሷ ናት። እሱ በጽሑፍ ስትጠይቀው በሁለት ቀን ውስጥ ይከፍላል፣ ወይም የማይከፍልበትን ምክንያት ይነግራታል። ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ እስከ ስንት ብር መስማማት እንደምትችልም ወሰንን። ይህን መጀመሪያ ረስተነው ነበር። ስሟን ጽፎ ሥልጣኑን መንሳት ከቀድሞው ይብሳል፤ ወቀሳው የእሷ፣ ውሳኔው የሌላ ሰው ይሆናልና።

ወረቀቱን በቡድናችሁ ስትሞክሩት ሳትነጋገሩ መጻፋችሁን አትርሱ። አብራችሁ ከጻፋችሁት በይሉኝታ ትስማማላችሁ።

ዘንድሮ አውቶቡሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ደረሰ። ሁለቱ በመዝሙር ምርጫ ግን እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። እዚያ ላይ ወሳኙ ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጣዕማቸው ነው የማይገጥመው።